ክራውንና ፍሊንት፦ ቀለም የማይበትን ሌንስ እንዴት ይቀመራል?

እ.ኤ.አ. በ1730ዎቹ መጀመሪያ ቼስተር ሙር ሆል የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ለንደን ውስጥ ወደ ሁለት የሌንስ ነጋዴዎች ሄዶ ለየብቻ ሥራ አዘዘ። አንደኛውን፣ ኤድዋርድ ስካርሌትን፣ አንድ ሌንስ አዘዘው፤ ሁለተኛውን፣ ጄምስ ማንን፣ የዚያን ሌንስ ጓደኛ አዘዘው። አንዱ መሃሉ ያበጠ፣ ሌላው መሃሉ የጎደጎደ ነበር። ሥራውን የከፋፈለው ሁለቱ ሲደረቡ ምን እንደሚሆኑ ማንም እንዳይደርስበት ነው። ጥንቃቄው ግን ከንቱ ቀረ። ሁለቱም ነጋዴዎች ትእዛዙን በገዛ እጃቸው ከመሥራት ይልቅ ለአንድ ሌንስ ሞራጅ አሳለፉት፤ ሞራጁም ያው አንድ ሰው፣ ጆርጅ ባስ ሆኖ ተገኘ። ባስ የሁለቱም ሌንሶች ባለቤት አንድ መሆኑን ደረሰበትና ደርቦ ቢያያቸው፣ በዘመኑ ማንም ያልነበረውን ነገር አገኘ ይባላል፤ ጠርዙ ላይ ቀለም የማያሳይ ሌንስ።

እስከዚያ ድረስ በሌንስ የሚሠራ ቴሌስኮፕ ሁሉ አንድ ሕመም ነበረበት። ነጩ ኮከብ በሰማያዊና በቀይ ጭጋግ ተከብቦ ይታያል፣ የጨረቃ ጠርዝም ቀለም ይተፋል። ምክንያቱ ብርጭቆ ሁሉንም ቀለም እኩል አለማጉበጡ ነው። ሰማያዊውን ብርሃን ከቀዩ አጥብቆ ስለሚሰብረው ሰማያዊው ለሌንሱ ቀረብ ብሎ፣ ቀዩ ደግሞ ራቅ ብሎ ይሰበሰባል። ዛሬ በብዛት ከሚሠራበት ቢኬ7 ከሚባለው የክራውን ብርጭቆ 1 ሜትር ላይ ብርሃን የሚሰበስብ ነጠላ ሌንስ ቢሠራ፣ በሰማያዊውና በቀዩ ትኩረት መካከል 15.6 ሚሊ ሜትር ርቀት ይኖራል። ዓይን የትኛውንም ነጥብ ቢመርጥ የቀሩት ቀለሞች ደብዝዘው ይከቡታል። የ17ኛው መቶ ዘመን ሰዎች መፍትሔ ያደረጉት ሌንሱን በጣም ደካማ፣ ቴሌስኮፑን ደግሞ በጣም ረጅም ማድረግ ነበር። የዳንዚጉ ዮሐንስ ሄቬሊየስ 46 ሜትር ገደማ የሚረዝም ቴሌስኮፕ በእንጨት ምሰሶና በገመድ አንጠልጥሎ ሠርቷል፤ ነፋስ ሲነፍስ ምን ይመስል እንደነበር መገመት አያዳግትም።

አይዛክ ኒውተን ሕመሙ መድኃኒት የለውም ብሎ ነበር። በእሱ አስተሳሰብ ማንኛውም ግልጽ ነገር ብርሃንን ባጎበጠ ልክ ቀለሙንም ይበትናል፤ ስለዚህ ብተናውን ያጠፋ ሁሉ ማጉበጡንም አብሮ ያጠፋል፣ ያን ጊዜ ሌንሱ ሌንስ መሆኑ ይቀራል። ከዚህ ተነሥቶ ኒውተን ወደ መስታወት ዞረና በ1668 በመስታወት የሚሠራ ቴሌስኮፕ አበጀ። መስታወት ብርሃንን ስለሚያንጸባርቅ እንጂ ስለማይሰብር ቀለም አይበትንም።

ስሕተቱን ለማየት ሁለት ፕሪዝሞች ይበቃሉ። ሁለቱም ጫፋቸው 60 ዲግሪ ይሁን፤ አንዱ ከቢኬ7፣ ሌላው ኤፍ2 ከሚባለው የፍሊንት ብርጭቆ የተሠራ። ፍሊንት ከክብደቱ ወደ ግማሽ የሚጠጋው የእርሳስ ኦክሳይድ የሆነ ከባድ ብርጭቆ ነው፤ የለንደን ሀብታሞች ወይን የሚጠጡባቸው የሚያብረቀርቁ ብርጭቆዎች ከዘመዶቹ ይሠሩ ነበር። ቢጫ ብርሃን በክራውኑ ፕሪዝም ሲያልፍ 38.6 ዲግሪ ይጎብጣል፤ በፍሊንቱ ሲያልፍ ደግሞ 48.2 ዲግሪ። ፍሊንቱ በሩብ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። በቀዩና በሰማያዊው ጨረር መካከል ያለው ስፋት ግን በክራውኑ 0.71 ዲግሪ፣ በፍሊንቱ 1.67 ዲግሪ ነው፤ ይህ ከእጥፍ በላይ ነው። ማጉበጥና መበተን አብረው ይሄዳሉ እንጂ በአንድ እርምጃ አይሄዱም። የቀለም ማረሚያው ሁሉ የተወለደው ከዚህ ያለመመጣጠን ነው።

ይህንን በአደባባይ ያረጋገጠው ከስደተኛ የሐር ሸማኔዎች ቤተሰብ የተወለደውና ራሱም ሸማኔ የነበረው ጆን ዶሎንድ ነው። በውኃ የተሞላ ፕሪዝምና የብርጭቆ ፕሪዝም አቃራኒ አድርጎ ደርድሮ፣ ብርሃኑ ሳይጎብጥ ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ድረስ አስተካከላቸው። እንደ ኒውተን ቃል ቢሆን ቀለሙም አብሮ መጥፋት ነበረበት፤ አልጠፋም። ዶሎንድ ውጤቱን በ1758 ለሮያል ሶሳይቲ አቀረበ፣ በዚያው ዓመት የባለቤትነት መብት አወጣ፣ የኮፕሊ ሜዳሊያም ተሸለመ። እሱ ከሞተ በኋላ ልጁ ፒተር መብቱን ያስከብር ጀመር፤ በ1766 በተካሄደ ክርክር ተከሳሹ ሌንሱን ቀድሞ የሠራው ሆል መሆኑን አነሣ። ፍርድ ቤቱ የሆልን ቀዳሚነት አልካደም። ይሁን እንጂ ግኝቱን በጠረጴዛው ሳጥን ቆልፎ የተቀመጠው ሳይሆን ለሕዝብ ያወጣው ይጠቀም ብሎ ለዶሎንድ ወገን ፈረደ።

የዶሎንድ ዘመን ሰዎች ሌንሱን በሙከራ ያቃኑት ነበር፤ ሞርደው፣ አይተው፣ እንደገና ሞርደው። ዛሬ ሥራው የሚጀምረው ከብርጭቆ ፋብሪካው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ የብርጭቆ ዓይነት ብርሃንን ምን ያህል እንደሚሰብር በተወሰኑ ቀለሞች ይነግራል። ቀለሞቹ ደግሞ «ቀይ» ወይም «ሰማያዊ» ተብለው በግምት የሚተዉ አይደሉም። ቀዩ ሃይድሮጅን ጋዝ ሲበራ የሚያወጣው 656.3 ናኖሜትር መስመር ነው፤ ሰማያዊውም የዚያው ጋዝ 486.1 ናኖሜትር መስመር፤ ቢጫው የሂሊየም 587.6 ናኖሜትር መስመር። ቋሚ መስመሮችን መለኪያ የማድረግ ዘዴ በ1810ዎቹ ከባቫሪያው ዮሴፍ ፍራውንሆፈር የመጣ ነው። እሱ በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያሉትን ጥቁር መስመሮች ካርታ ያነሣው ኮከብ ለማጥናት ብሎ ሳይሆን፣ ለብርጭቆ መለኪያ የሚሆን የማይነቃነቅ ምልክት ፈልጎ ነው።

የሁለቱ ብርጭቆዎች ቁጥሮች እነዚህ ናቸው። ቢኬ7 በቀዩ 1.51432፣ በቢጫው 1.51680፣ በሰማያዊው 1.52238። ኤፍ2 በቀዩ 1.61503፣ በቢጫው 1.62004፣ በሰማያዊው 1.63208። ቁጥሮቹ የሚለያዩት በሦስተኛውና በአራተኛው አኃዝ ላይ ስለሆነ ለዓይን ከንቱ ይመስላሉ፤ ሌንሱ ያማረ ወይም የከፋ የሚሆነው ግን እዚያው ነው።

ከሦስቱ ቁጥሮች አንድ ቁጥር ይወጣል። ከቢጫው 1 ይቀነስና የቀረው ለሰማያዊውና ለቀዩ ልዩነት ይካፈላል። በየና ከተማ ከኬሚስቱ ኦቶ ሾት ጋር ይሠራ በነበረው በኤርንስት አቤ ስም «የአቤ ቁጥር» ይባላል። ለቢኬ7 64.17፣ ለኤፍ2 36.37 ነው። ቁጥሩ በበለጠ መጠን ብርጭቆው ቀለም አይበትንም። ሌላም ጥቅም አለው፤ የነጠላ ሌንስን የትኩረት ርቀት ለአቤ ቁጥሩ ቢያካፍሉት በቀዩና በሰማያዊው መካከል ያለው ክፍተት ይገኛል። ከላይ የተጠቀሰው 15.6 ሚሊ ሜትር 1000 ለ64.17 ሲካፈል የመጣ ነው።

አሁን ቀመሩ ይጀመር። የሚፈለገው 1 ሜትር ላይ ብርሃን የሚሰበስብ ጥንድ ሌንስ ነው። የሌንስ ጉልበት የመነጽር ሐኪም በሚጽፈው በዳይኦፕተር ቢለካ ነገሩ ይቀላል፤ 1 ሜትር ላይ የሚሰበስብ ሌንስ ጉልበቱ ልክ +1 ነውና። ሁለት ሁኔታዎች መሟላት አለባቸው። አንደኛ፣ የክራውኑና የፍሊንቱ ጉልበት ሲደመር +1 ይምጣ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሌንስ የሚበትነው ቀለም፣ ማለትም ጉልበቱ ለአቤ ቁጥሩ ተካፍሎ የሚገኘው፣ ሲደመር ዜሮ ይሁን። ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮች በሁለት ሁኔታዎች ስለታሰሩ መልሱ አንድ ብቻ ነው። የክራውኑ ጉልበት 64.17ን ለአቤ ቁጥሮቹ ልዩነት፣ ለ27.80፣ በማካፈል ይገኛል፤ +2.308። የፍሊንቱ 36.37 ለ27.80 ሲካፈል ሆኖ ተቀናሽ ምልክት ይያዛል፤ −1.308።

ማረጋገጫው ወዲያው አለ። 2.308 ለ64.17 ሲካፈል 0.036 ይሆናል፤ 1.308 ለ36.37 ሲካፈልም እንዲሁ 0.036። የክራውኑ ብተናና የፍሊንቱ ተቃራኒ ብተና እኩል ሆኑ፤ ጉልበታቸው ግን እኩል ስላልሆነ +1 ተረፈ። ደካማው ፍሊንት ቀለም በመበተን ብርቱ ስለሆነ የጠንካራውን ክራውን ቀለም በሙሉ ይሰበስባል፣ ጉልበቱን ግን በሙሉ አይወስድበትም።

እዚህ ላይ ልዩነቱ፣ 27.80፣ የሥራው ገንዘብ መሆኑን ልብ ይሏል። የአቤ ቁጥራቸው 64ና 54 የሆኑ ሁለት ብርጭቆዎች ቢመረጡ ሒሳቡ አይፈርስም፤ ግን ክራውኑ +6.4፣ ፍሊንቱ −5.4 መሆን ይኖርባቸዋል። ሁለት እጅግ ያበጡ ሌንሶች እርስ በርስ ሲጎተቱ በመጨረሻ የምትቀረው አንዲት ዳይኦፕተር ብቻ ናት። ጥምዙ በጠነከረ ቁጥር ደግሞ ከሌንሱ ጠርዝና ከመሃሉ የሚያልፈው ብርሃን አንድ ቦታ መገናኘቱ ይቀርና ምስሉ ይደበዝዛል።

ጉልበቱ ታወቀ፤ ቅርጹስ? አንድ ጉልበት በብዙ ቅርጽ ሊገኝ ይችላል። ቀላሉ አጀማመር ክራውኑን በሁለቱም ወገን እኩል ያበጠ ማድረግ ነው። ያን ጊዜ የሁለቱም ፊት ሬዲየስ 447.8 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የፍሊንቱ የፊት ገጽ የክራውኑን ጀርባ ተከትሎ እንዲገጥም በዚያው 447.8 ይጎደጉዳል፤ ይህም ሁለቱን ለማጣበቅ ያስችላል። የቀረው የፍሊንቱ የኋላ ፊት ብቻ ነው። ሒሳቡ ለእሱ 8.1 ሜትር ገደማ ሬዲየስ ይሰጠዋል፤ ይህ ለዓይን ጠፍጣፋ ነው። ብዙ የድሮ ቴሌስኮፖች ሌንስ ከኋላ ሲታይ ጠፍጣፋ የሚመስለው በአጋጣሚ አይደለም።

ይህ ቅርጽ ግን የመጨረሻው አይደለም። ባለሙያው በእያንዳንዱ ፊት ላይ ጨረር እያስገባ በኮምፒውተር ይከተላል፣ ከዚያም የሁለቱን ሌንሶች ጉልበት ሳይነካ ጥምዛቸውን በአንድነት ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ ያጎብጣል። የተጣበቀ ጥንድ ሦስት ፊት አለው፤ ሁለቱ በጉልበቱና በቀለሙ ሒሳብ ስለተያዙ የቀረው ነፃነት አንድ ብቻ ነው። እሱም የጠርዙንና የመሃሉን ትኩረት ለማስታረቅ ይውላል። በሁለቱ መካከል ቀጭን አየር የሚተው ሰው አራተኛ ፊት ስለሚያገኝ ከመሃል ራቅ ብለው የሚታዩትን ኮከቦች ጭራ ማጥፋትም ይችላል። ትልልቅ ሌንሶች የማይጣበቁት ግን በሌላ ምክንያት ነው፤ ክራውንና ፍሊንት በሙቀት እኩል ስለማይሰፉ፣ ማጣበቂያው ወይ ይላቀቃል ወይ ብርጭቆውን ያስጨንቃል።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ ተመልሶ ሌንሱን በየቀለሙ መፈተን ነው። ሦስቱን ሬዲየሶች ይዞ የሁለቱን ብርጭቆዎች ቁጥር በየተራ ቢያስገቡ፣ ትኩረቱ በቢጫው 1000.05 ሚሊ ሜትር ላይ ይወድቃል። በቀዩ 1000.55፣ በሰማያዊው 1000.53 ነው። የመጨረሻዋ የመቶኛ ልዩነት ከቁጥር ማጠጋጋት የመጣች ናት። 15.6 ሚሊ ሜትር የነበረው ክፍተት ተዘግቷል፣ ቀይና ሰማያዊ ተገናኝተዋል። ቢጫው ግን አብሯቸው የለም፤ በግማሽ ሚሊ ሜትር ቀድሞ ይሰበሰባል።

ይህ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሞራጁ ጥፋት አይደለም፤ በሬዲየስም አይታረምም። ምንጩ ሠንጠረዡ ውስጥ ነው። ከቀይ እስከ ሰማያዊ ያለው የብተና ስፋት 100 እጅ ቢባል፣ በቢኬ7 ከቢጫ እስከ ሰማያዊ ያለው 69 እጅ ነው፤ በኤፍ2 ግን ወደ 71 እጅ ይጠጋል። ፍሊንት ወደ ሰማያዊው ወገን ሲሄድ ከክራውኑ ይልቅ ስፋቱን ይለጥጣል። ስለዚህ ሁለቱን ጫፎች ቢያገናኙም መሃሉ አይገጥምም። የሁለት እጅ የማትሞላው ልዩነት ለ27.80 ስትካፈል የትኩረት ርቀቱን ሁለት ሺህኛ ትሰጣለች፤ ይህም ያው ግማሽ ሚሊ ሜትር ነው። ከመደበኛ ክራውንና ፍሊንት የሚሠራ ጥንድ ሁሉ፣ ማንም ይሥራው ማን፣ ከዚህች ሁለት ሺህኛ ብዙ አይርቅም። ከሰማያዊው አልፎ ወዳለው ሐምራዊ ሲኬድ ደግሞ ይብሳል፤ በሜርኩሪ መብራት 435.8 ናኖሜትር መስመር ላይ የዚህ ሌንስ ትኩረት 1002.3 ሚሊ ሜትር ይሆናል። በብሩህ ኮከቦች ዙሪያ የሚታየው ሐምራዊ ጭጋግ ይኸው ነው።

ታዲያ ግማሽ ሚሊ ሜትር ይበዛል ወይስ ያንሳል? መልሱ በሌንሱ ስፋት ላይ ይንጠለጠላል። ብርሃን በአንዲት ነጥብ ሳይሆን በትንሽ ርቀት ውስጥ ጥርት ብሎ ይቆያል፤ ይህችም ርቀት ሌንሱ ሲሰፋ በፍጥነት ትጠባለች። ይህ የ1 ሜትር ሌንስ 67 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ማለትም ርዝመቱ የስፋቱ 15 እጥፍ ቢሆን፣ ርቀቷ ከጫፍ እስከ ጫፍ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል ናት፤ ስሕተቱ ሊደበቅባት ይችላል። ስፋቱ ወደ 100 ሚሊ ሜትር ሲያድግ ወደ 0.22 ሚሊ ሜትር ትወርዳለችና ቀለሙ ብቅ ይላል። የድሮዎቹ ሌንስ ሠሪዎች ርዝመትን የስፋቱ 15 እጥፍ አካባቢ ማድረግ የወደዱት ያለ ነገር አይደለም።

በሠንጠረዡ የታተመው ቁጥርና በእጅ ያለው ብርጭቆ አንድ ካልሆኑስ? ይህ ሥራ የሚያበላሽ የታወቀ ወጥመድ ነው። የአንድ ዓይነት ብርጭቆ ሁለት ምድጃዎች በትክክል አንድ አይወጡም። የፍሊንቱ አቤ ቁጥር ከታተመው 1 በመቶ ብቻ ቢለይ፣ በቀዩና በሰማያዊው መካከል 0.36 ሚሊ ሜትር ክፍተት ተመልሶ ይከፈታል። ጥንቁቅ ሠሪ እንግዲህ የዚያን ምድጃ ልኬት ከፋብሪካው ይጠይቃል፣ ወይም ከዚያው ብርጭቆ ትንሽ ፕሪዝም ቆርጦ ራሱ ይለካል፤ ከዚያም የመጨረሻውን ፊት ሬዲየስ በአዲሱ ቁጥር ያርማል።

ስሕተት መኖሩን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም፣ ኮከብ ይበቃል። ዓይን መመልከቻው ከትኩረቱ ትንሽ ወደ ሌንሱ ሲገባ ኮከቡ ክብ ሰሌዳ ይሆናል። ሌንሱ በወጉ ከታረመ የሰሌዳው ጠርዝ ወደ ቀይ-ሐምራዊ ያደላል፤ ከትኩረቱ ወደ ውጭ ሲወጣ ደግሞ ጠርዙ ወደ ቢጫ-አረንጓዴ ይለወጣል፣ ምክንያቱም ቀድሞ የሚሰበሰበው ቢጫ-አረንጓዴው ነው። ወደ ውጭ ሲወጣ ጠርዙ ሰማያዊ ከሆነ ፍሊንቱ ደክሟል፣ ክራውኑ አሸንፏል ማለት ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ሰማያዊ ጠርዝ ከታየ ተቃራኒው ነው፤ ፍሊንቱ ከልክ አልፏል። ቀለሙ በሰሌዳው አንድ ወገን ብቻ ከታየ ግን ብርጭቆው አልበደለም፤ ሁለቱ ሌንሶች መሃል ለመሃል አልተገጠሙም፣ ወይም የአንዱ ጠርዝ ከሌላው ወፍሯል።

አቤና ሾት ከ1880ዎቹ ጀምሮ አዳዲስ ብርጭቆዎችን ያቀለጡት በዋናነት ያችን ሁለት ሺህኛ ለማጥበብ ነው። አቤ ለማይክሮስኮፕ ሌንሶቹ ፍሎራይት የተባለውን የተፈጥሮ ማዕድን ተጠቀመ። የአቤ ቁጥሩ ወደ 95 ይደርሳል፣ የብተናው አከፋፈልም ተስማሚ ጓደኛ ከተመረጠለት ጋር ይቀራረባል። ዛሬ በፎቶ ካሜራና በውድ ባይኖኩላሮች ውስጥ ያሉት ፍሎራይድ የበዛባቸው ብርጭቆዎች የዚሁ መንገድ ተከታዮች ናቸው። ለቴሌስኮፕ የሚበቃ ትልቅና ንጹሕ ፍሎራይት ግን በዚያ ዘመን አልተገኘም።

በ1897 አሜሪካ ውስጥ የተከፈተው የየርክስ ቴሌስኮፕም ስለዚህ ከክራውንና ከፍሊንት ተሠራ። የሌንሱ ስፋት 102 ሴንቲ ሜትር፣ የትኩረት ርቀቱ 19.4 ሜትር ነው። ሁለት ሺህኛው እዚያ ወደ 10 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ በዚያ ስፋት ደግሞ የሚደበቅበት የለም። ጆርጅ ሪቺ በዚህ ቴሌስኮፕ ጨረቃንና የኮከብ ክምችቶችን ፎቶ ማንሣት ሲፈልግ፣ ከፎቶ ሰሌዳው ፊት ቢጫ ማጣሪያ አስቀምጦ ሌንሱ ያልሰበሰበውን ሰማያዊና ሐምራዊ ብርሃን አስቀረው።